«ይደረጋል» ያለው ማን ነው?

አማርኛ ባለቤት የሌለው ሥራ ለመፍጠር የሚመች ቋንቋ ነው። «ደብዳቤው ይጻፋል።» «ዋጋው ይታያል።» «አዳራሹ ይያዛል።» ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን፣ ሁለት ዙር ቡና ጠጥተን ስንነሣ ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ዓይነት ግሦች ተደርድረው አገኛለሁ። ሥራው መሠራት እንዳለበት ሁላችንም ተስማምተናል። ማን እንደሚሠራው ግን አንድም ሰው አልተናገረም፤ እያንዳንዱ ከክፍሉ የሚወጣው ሌላው እንደሚሠራው አምኖ ነው።

የምሠራው ለመምህራን ስልጠና በሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። ከስብሰባ በኋላ ማጠቃለያውን በኢሜይል የምልከው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የሚላከው ቃለ ጉባኤ ነበር፦ አራት ገጽ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ የተጻፈበት። ከእነዚህ በአንዱ ላይ «ለዞኑ ትምህርት መምሪያ ደብዳቤ ይጻፋል» የሚል መስመር ነበር። አልተጻፈም። ፈቃድ ያላገኙ መምህራን ቀሩ፣ ስልጠናው በግማሽ ሰው ተካሄደ። ጥፋተኛ ሲፈለግ ጣት ሁሉ ወደ ሄለን ዞረ (ስሞቹን ቀይሬያለሁ)። ከሁላችንም ታናሽ ናት፣ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የምትተይበውም እሷ ናት። ያንን ደብዳቤ ጻፊ ያላት ግን አልነበረም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ባለቤት የሌለው ግስ መጨረሻው ይኸው ነው፤ አቅም የሌለው ሰው ላይ ያርፋል።

ስለዚህ አሁን ስብሰባ ላይ የምጽፈው ንግግሩን አይደለም። ግሡን ነው የማድነው። አንድ ሰው «ይደረጋል» ሲል ከጎኑ ትንሽ ጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ። ሰዎች ሳይነሡ በፊት አምስት ደቂቃ ለምኜ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነባለሁ፦ «ዋጋው ይታያል ተብሏል፤ ማን ነው የሚያየው?» መጀመሪያ ዝም ይባላል። ያቺ ዝምታ ደስ አትልም፣ ግን ክፍሉ ውስጥ ብትፈጠር ይሻላል። ኢሜይል ላይ ከሆነ በቃ፣ ሦስት ቀን ትፈጃለች።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «እሺ» ነው። እሺ ማለት «አደርገዋለሁ» ሊሆን ይችላል። «ሰምቻለሁ» ሊሆንም ይችላል። ከታላቅ ሰው ፊት ከሆነ ደግሞ «አሁን አልከራከርዎትም» ማለት ነው። እንዴት ይለያል? ቀን በመጠየቅ። «እሺ» ያለውን ሰው «መቼ ልጻፈው?» ስትሉት «ሐሙስ» ካለ ሥራውን ተቀብሏል። «እንግዲህ እንሞክራለን፣ ፈጣሪ ካለ» ካለ አልተቀበለም፤ የሚከለክለው ነገር አለ፣ ያኔውኑ መጠየቅ ነው።

የጥር 20 ቀን 2017 ስብሰባን ልውሰድላችሁ። ለየካቲት 10 ስልጠና የመምህራን መመሪያ መታተም ነበረበት። አንድ ሰዓት ያህል ከተከራከርን በኋላ የተባለው «ማተሚያ ቤት ይፈለግና ቶሎ ይታተማል» ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ትመስላለች፣ ውስጧ ግን አራት ሥራ አለ። ማተሚያ ቤቶቹ 8 የሥራ ቀን እንደሚፈልጉ ዳዊት ያውቃል። መመሪያው ሐሙስ የካቲት 6 እጃችን ላይ እንዲገባ ከተፈለገ ረቂቁ ሰኞ ጥር 26 መግባት አለበት። ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤቱ መመረጥ፣ ከዚያም በፊት ዋጋ መሰብሰብ አለበት። ወደ ኋላ እየቆጠርን ስንመጣ የመጀመሪያው ቀን ከነገ ወዲያ ሆኖ ተገኘ! «ቶሎ» ያሉት ሰዎች ይህን አልጠበቁም። ኢሜይሉ ላይ እንዲህ ገባ፦

ዳዊት፦ የሦስት ማተሚያ ቤቶችን ፕሮፎርማ ለጋሼ ታደሰ ይልካል። ሐሙስ ጥር 22፣ ከቀኑ 11 ሰዓት።
ጋሼ ታደሰ፦ አንዱን መርጠው ለዳዊት ያሳውቃሉ። ዓርብ ጥር 23፣ ከቀኑ 6 ሰዓት።
ሄለን፦ የታረመውን ረቂቅ ለማተሚያ ቤቱ ታስረክባለች። ሰኞ ጥር 26፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት።
ዳዊት፦ የታተመውን ተረክቦ ቢሮ ያስገባል። ሐሙስ የካቲት 6።

«ዋጋ ያያል» አላልኩም። ዋጋ ማየት ማለቁ አይታወቅም፤ ሦስት ፕሮፎርማ ግን ወይ ተልኳል ወይ አልተላከም። በአንድ ሥራ ላይም ሁለት ስም አልጽፍም። «ዳዊትና ሄለን» ከተባለ ዳዊት ሄለንን፣ ሄለን ዳዊትን ትጠብቃለች። የሚያግዝ ካለ «ከሄለን ጋር» እላለሁ፣ ተጠያቂው አንድ ይሆናል።

ጋሼ ታደሰ ስድሳ ሊሞላቸው ነው፣ የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው። በእንዲህ ያለ ሰው ስም ፊት ሰዓት መጻፍ ድፍረት ይመስላል። ብዙ ማጠቃለያ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ ታላላቆቹን ላለማስቀየም «የፋይናንስ ክፍል» ተብሎ ይታለፋል። ክፍል ደግሞ ስልክ አያነሣም። እኔ ከመላኬ በፊት ቢሯቸው ገብቼ «ጋሼ፣ ዓርብ 6 ሰዓት ብዬ ልጻፍዎት?» እላለሁ። ያን ዕለት «ከቅዳሜ ይሻላል፣ ጻፊው» አሉኝ። አክብሮቱ መጠየቁ ላይ ነው።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ ከቦርድ አባሎቻችን አንዷ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፤ በዙም ነው የምትገባው። ለእሷ «11 ሰዓት» ሌላ ሰዓት ነው፣ «ጥር 22»ም ወዲያው አይመጣላትም። እሷ የምትጠብቀው ሥራ ካለ ከጎኑ «ጃንዋሪ 30፣ በእናንተ ከጠዋቱ 9» ብዬ እጨምራለሁ። ሌላው መስመር ላይ አልጨምርም፣ ገጹ ቁጥር ብቻ ይሆናል።

ያን ቀን ያልተቋጨ ነገርም ነበር፦ የመምህራኑ አበል። አስተባባሪያችን ቀንሶ ምሳ ማቅረብ ፈለገ፤ ጋሼ ታደሰና ሄለን ከሩቅ ወረዳ የሚመጡት ማደሪያ ስለሚከፍሉ አይቀነስም አሉ። ሰዓቱ ሄደ፣ ሰው ደከመው፣ ተነሣን። ማታ አስተባባሪው ደወለ።

«አበሉ ላይ ተስማምተናል ብለሽ አስገቢው።»

«ጋሼ ታደሰ እኮ አልተስማሙም።»

«ዝም አሉ አይደል እንዴ? ዝም ካሉ ተስማምተዋል።»

ይህን ኢሜይል የሚጽፍ ሰው ሥልጣን እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሰው የሚያስታውሰው ስብሰባውን አይደለም፣ የተጻፈውን ነው። አንድ መስመር ብጨምር አበሉ ተቀንሶ ያድራል፤ መምህሩም ደብረ ብርሃን ደርሶ ነው የሚያውቀው። «ያልተወሰነ የሚል ክፍል ውስጥ ነው የማስገባው፣ ነገ ከጋሼ ጋር ብትነጋገሩበት ይሻላል» አልኩት። ብዙም ደስ አላለውም።

እንዲህ ጻፍኩት፦ «ያልተወሰነ፦ የመምህራን አበል። ሁለት ሐሳብ ቀርቧል፤ ምሳ አቅርቦ መቀነስ ወይም እንዳለ መተው። ጋሼ ታደሰና አስተባባሪው እስከ ዓርብ ጥር 23 ከቀኑ 10 ሰዓት ወስነው ለሁላችንም ያሳውቃሉ።» ከታች «እርማት ያለው እስከ ነገ 6 ሰዓት ይላክልኝ» ብዬ፣ ትዝታው ሳይቀዘቅዝ በዚያው ሌሊት ላክሁት።

ጠዋት የመጀመሪያው መልስ የጋሼ ታደሰ ነበር፣ ለሁሉም የተላከ። «እርማት፦ የማደሪያው ዋጋ ሳይታወቅ አበል አይወሰንም። የደብረ ብርሃን የሦስት ሆቴሎች ዋጋ ይጠየቅ።»

መልሼ ጻፍኩላቸው፦ «ጋሼ፣ ማን ይጠይቅ?»