አራት ፊደል ወይስ አምስት መለኪያ?



በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ጀመዓችን አዲስ አባላትን በየሥራ ዘርፉ ሲመድብ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እያንዳንዱ ተመዝጋቢ በስልኩ የስብዕና ፈተና ይሥራ፣ በሚወጣለት አራት ፊደል መሠረትም ይመደብ የሚል ነው። ኤክስትሮቨርት የሆነው ወደ መስተንግዶና ወደ ፍሬሽ ተማሪዎች አቀባበል፣ ኢንትሮቨርት የሆነው ደግሞ ወደ ሒሳብና ወደ መጻሕፍት ክፍል። ብዙዎቻችን አራቱን ፊደል ቴሌግራም ላይ ከስማችን ሥር ስለጻፍናቸው ሐሳቡ እንግዳ አልሆነብንም። ነገር ግን አንድ እህት ወይም አንድ ወንድም ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግልበት ቦታ በዚህ የሚወሰን ከሆነ፣ ፈተናው በእርግጥ ምን እንደሚለካ ማወቅ ግዴታችን ነው ብለን ጥቂት ሆነን ተቀመጥን። ያገኘነውን እነሆ።

ሰዎችን በዓይነት መክፈል የቆየ ነገር ነው። ኢብን ሲና በቃኑን መጽሐፉ ስለ ሚዛጅ ሲጽፍ ከግሪክ ሐኪሞች የወረሰውን አከፋፈል አስፋፍቶ ነበር። የዛሬው ባለ አራት ፊደል ፈተና ግን መነሻው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ስለ ሥነ ልቦና ዓይነቶች ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን የዩንግን ሐሳብ ወስደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መጠይቅ አደረጉት። ሁለቱም በሥነ ልቦና ሙያ የሠለጠኑ አልነበሩም። መጠይቁ አራት ጥንዶች አሉት፦ ኃይልህን ከሰው ጋር በመሆን ታገኛለህ ወይስ ለብቻህ? የሚታየውን ዝርዝር ትከተላለህ ወይስ ከጀርባው ያለውን ትርጉም? ስትወስን አመክንዮን ታስቀድማለህ ወይስ የሰውን ስሜት? ነገሮችን ቀድመህ ቆርጠህ ትጨርሳለህ ወይስ ክፍት ትተዋቸዋለህ? ከየጥንዱ አንድ አንድ ፊደል ሲወሰድ 16 ዓይነት ሰው ይወጣል።

የዚህ አከፋፈል ጥንካሬ እውነተኛ ነው። አንደኛ፣ ለመያዝ ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ መጥፎ ዓይነት የሚባል የለውም፤ 16ቱም በመልካም ጎናቸው ነው የሚገለጹት። ስለዚህ አንድ ዶርም ውስጥ የሚኖሩ፣ አንዱ ፕሮግራሙን ከሳምንት በፊት የሚያወጣ፣ ሌላው የፈተናው ዋዜማ ካልደረሰ ደብተር የማይገልጥ ሁለት ወንድሞች ሳይነቃቀፉ ስለ ልዩነታቸው የሚያወሩበት ቋንቋ ይሰጣቸዋል። ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ችግሩ ያለው ጥንዱ በሚቆረጥበት ቦታ ላይ ነው። በምሳሌ እንየው። ስለ ተግባቢነት 20 ጥያቄ ቀረበ እንበል፤ ከ10 በላይ ያገኘ ኤክስትሮቨርት፣ ከ10 በታች ያገኘ ኢንትሮቨርት ይባላል። አንዱ ወንድም 9 አገኘ፣ ሌላው 11፣ ሦስተኛው 19። ፈተናው 9 ያገኘውን ለብቻው ያስቀምጥና 11 እና 19 ያገኙትን በአንድ ስም ይጠራቸዋል። በእውነቱ ግን የሚመሳሰሉት 9 እና 11 ያገኙት ናቸው፤ ልዩነታቸው የሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። 11 ያገኘውና 19 ያገኘው ግን በስምንት ጥያቄ ይራራቃሉ። የብዙ ሰው ውጤት ተሰብስቦ ሲሣል ደግሞ ሁለት የተለያዩ ጉብታዎች አይታዩም፤ አንድ ጉብታ ነው፣ አብዛኛው ሰውም መሐል አካባቢ ይገኛል። መቁረጫው የሚያልፈው ሰው በበዛበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ስሌት ማንም በስልኩ ሊሠራው ይችላል። ፈተናውን ዛሬ ሠርተህ ከአምስት ሳምንት በኋላ ብትደግመው፣ በአንዱ ጥንድ ላይ ያው ፊደል የመውጣቱ ዕድል 85 በመቶ ነው እንበል። ለአንድ ፊደል መጥፎ አይደለም። ነገር ግን አራቱም እንዳሉ መቆየት አለባቸው፤ 0.85 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.52 ይሆናል። ስለዚህ ከሁለት ሰዎች አንዱ ማለት ይቻላል በትንሹ አንድ ፊደሉ ተቀይሮ ሌላ «ዓይነት» ሆኖ ይገኛል። በድጋሚ ፈተና የተደረጉ ጥናቶችም ከዚህ የራቀ ነገር አላገኙም፤ እስከ ግማሽ የሚደርሱ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዓይነታቸው ተቀይሯል። በመስከረም የመደብነው ሰው በጥቅምት ሌላ ዘርፍ ይገባዋል ማለት ነው፤ ሰውየው ግን አልተለወጠም።

«ውጤቱ ግን ልክ እኔን ነው የሚገልጸው!» የሚል ብዙ ነው። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ መምህር ለተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጥቶ ለእያንዳንዳቸው ውጤት አደላቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠየቁ በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡ። ለሁሉም የታደለው ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሮቹን በአብዛኛው የለቀማቸው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። አንዳንድ እህቶች «ይህ ፈተና ከኮከብ ቆጠራ በምን ይለያል?» ብለው የጠየቁን ተገቢ ጥያቄ ነው። ፈተናው ስለ ገይብ አይናገርም፤ አንተው የመለስከውን አሰባስቦ ይመልስልሃል። ነገር ግን መግለጫውን «ልክ ነኝ» ብሎ የመቀበሉ ስሜት በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ስለዚህ ያ ስሜት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሌላኛው መንገድ «አምስቱ ታላላቅ መለኪያዎች» የሚባለው ነው። ይህ የተነሣው ከአንድ ሊቅ ሐሳብ ሳይሆን ከመዝገበ ቃላት ነው። ሰዎች ስለ ሰው ጠባይ የሚያስተውሉት ቁም ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ ቃል ይወጣለታል የሚል ግምት ተያዘ። በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወደ 18,000 የሚጠጉ ሰውን የሚገልጹ ቃላት ለቀሙ። ተከታዮቻቸው ዝርዝሩን አሳጥረው ሰዎች ራሳቸውንና ጓደኞቻቸውን እንዲመዝኑበት አደረጉ፤ የትኞቹ ቃላት አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱም በስሌት አዩ። ተደጋግመው የወጡት አምስት ናቸው፦ ለአዲስ ሐሳብ ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነትና ሥርዓት፣ ተግባቢነት፣ ገርነት፣ እንዲሁም ለጭንቀትና ለመከፋት ቅርብ መሆን።

እዚህ ማንም በዓይነት አይከፈልም፤ በየመለኪያው የት ላይ እንዳለ ብቻ ይነገረዋል። 9 እና 11 ያገኙት ወንድሞች እዚህ ጎረቤት እንደሆኑ ይቀራሉ። በ1989 ሮበርት ማክሬና ፖል ኮስታ ሁለቱን መጠይቆች ለተመሳሳይ ሰዎች ሰጥተው ሲያነጻጽሩ አራቱ ጥንዶች ከአምስቱ መለኪያዎች ከአራቱ ጋር እንደሚዛመዱ አገኙ። ይህ ማለት ባለ አራት ፊደሉ ፈተና ባዶ አይደለም፤ እውነተኛውን ነገር ይለካና ቆርጦ ይጥለዋል። ያላገኙት አምስተኛውን ነው፤ ጭንቀትን የሚለካ ጥንድ የለም። መጥፎ ዓይነት የሌለበት ደስ የሚል ውጤት የወጣውም በከፊል ከዚህ ነው። ለተማሪ ግን ከሁሉም የሚያስፈልገው ምናልባት ያ ነው፤ ፈተና በደረሰ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣን ወንድም አራት ፊደሎቹ ምንም አይሉለትም።

አምስቱም ግን ያለ ጉድለት አይደሉም፤ ሦስቱን እንጥቀስ። የመጀመሪያው፣ ይገልጻሉ እንጂ ምክንያት አይሰጡም። «ለምን አያጠናም? ጥንቁቅነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ። ዝቅተኛ መሆኑን በምን አወቃችሁ? ስለማያጠና።» ይህ ክብ ነው። ትንበያቸውም ልከኛ ነው። ከአምስቱ ከዩኒቨርሲቲ ውጤት ጋር ይበልጥ የሚዛመደው ጥንቁቅነት ሲሆን ዝምድናው 0.2 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር በራሱ ሲባዛ 0.04 ይሆናል፤ በተማሪዎች ውጤት መካከል ካለው ልዩነት 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ይነካል ማለት ነው። ስለ አንድ ሰው ለመፍረድ አይበቃም።

ሁለተኛው የአመላለስ ልማድ ነው። ጠያቂን ላለማስቀየም ሁሉንም «እስማማለሁ» ማለት በብዙ አገር የተለመደ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። «ብዙ አወራለሁ» እና «ዝምተኛ ነኝ» የሚሉትን ራቅ ራቅ አድርጎ ማስገባት ነው። መላሹ ለሁለቱም «እስማማለሁ» ካለ የተለካው ተግባቢነቱ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። ሦስተኛው የማነጻጸሪያው ጉዳይ ነው። ስልካችን «ከ100 ሰዎች በ30ዎቹ ትበልጣለህ» ሲለን እነዚያ 100 ሰዎች እነማን ናቸው? የብዙዎቹ ነጻ ፈተናዎች ማነጻጸሪያ በእንግሊዝኛ የመለሱ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። መለኪያዎቹ ራሳቸውም በየቦታው እኩል አይወጡም፤ በ2013 በቦሊቪያ በጺማኔ ሕዝብ መካከል የተደረገ ጥናት አምስቱ ተለይተው እንዳልወጡ አሳይቷል።

ታዲያ ምን ወሰንን? የባለ አራት ፊደሉ ፈተና አሳታሚዎች ራሳቸው ለቅጥርና ለምርጫ እንዳይውል ያስጠነቅቃሉ፤ እኛም ለምደባ አልተጠቀምንበትም። በአምስቱም አልመደብንም። በምዝገባ ቅጹ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ አስገባን፦ ከዚህ በፊት ምን ሠርተሃል? ዘንድሮ ምን መልመድ ትፈልጋለህ? በሳምንት ስንት ሰዓት አለህ? አንድ ወንድም «ዝምተኛ ነኝ፣ ግን የፍሬሾች አቀባበል ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» ብሎ ጻፈ። በፊደሎቹ ብንሄድ ሒሳብ ክፍል ነበር የሚገባው። አሁን በአቀባበሉ ዘርፍ አለ፤ ቦርሳ ተሸክመው በር ላይ ግራ የተጋቡትን ዝምተኞቹን አዲስ ተማሪዎች ከሁላችን ቀድሞ የሚያያቸው እሱ ነው።

ፈተናዎቹን መሥራት የምትፈልጉ ሥሩ። አምስቱን የሚለካውን ከመረጣችሁ ቢቻል ሁለት ጊዜ፣ በወር ልዩነት ሥሩትና ቁጥሮቹን አስተያዩ፤ የሚያውቃችሁ አንድ ጓደኛም ስለ እናንተ እንዲሞላው ስጡት። ሁለታችሁ የተለያያችሁበት ጥያቄ ላይ ተቀምጣችሁ ብታወሩ ከውጤቱ ገጽ የበለጠ ታገኙበታላችሁ፣ ኢንሻአላህ።