ከስላይዱ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር

መምህራችን ለቡድን የሰባት ደቂቃ ፕረዘንቴሽን ሲሰጡን፣ ለአራታችን የደረሰን ርዕስ «ሩዝ በፎገራ» ነበር። ሁለታችን የወረታ ልጆች ስለሆንን ወሬ አላጠረንም። ክረምት ሲመጣ ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁት ርብና ጉማራ፣ ኤክስ-ጅግና ስለሚባለው ዝርያ፣ ከጤፍ ተቀላቅሎ ስለሚጋገረው የሩዝ እንጀራ፣ ጣናን ስለወረረው እምቦጭ፣ ስለ ፎገራ ከብት ብንናገር ሰዓቱም አይበቃን።

ስለዚህ ላፕቶፑን ሳንከፍት በወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈለግን። «ሩዝ በፎገራ» ርዕስ እንጂ መልእክት አይደለም፤ ማንም «የለም፣ ልክ አይደለም» ሊለው አይችልም። «ሩዝ ለፎገራ ጠቃሚ ነው» የሚለውም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። እምቦጭ ሩዙን ይጎዳል የሚለው ሐሳብ ቢማርከንም፣ በእጃችን ማስረጃ ስላልነበረን ተውነው። በመጨረሻ ይህን ጻፍን፦ «ሩዝ ለፎገራ ገበሬ ገቢ ቢያመጣም፣ የፎገራን ከብት ከግጦሽ መሬቱ እየገፋው ነው።» አንዷ እህታችን ወዲያው «ጭዱስ? ከብቱ የሩዝ ጭድ ይበላ የለም እንዴ?» አለች። ክርክር ማስነሳቱ ዓረፍተ ነገሩ የሚረጋገጥ ነገር እንዳለው አሳየን።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ስላይድ የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፦ ይህን ዓረፍተ ነገር ያስረዳል ወይ? አራት ስላይድ ቀረን። የመጀመሪያው፣ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ለሩዝም ለከብቱም ስለሚስማማ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ እንደሚሻሙ ይናገራል። ሁለተኛው ግጦሽ የነበረው መሬት ወደ ሩዝ ማሳ መለወጡን፣ ሦስተኛው በወተቱና ረግረግ በመቻሉ የሚታወቀው የፎገራ ከብት ምን እንደሚያጣ ያሳያል። አራተኛው ለእህታችን መልስ ነው፦ የሩዝ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ፣ ሲሊካው ብዙ ስለሆነ በደንብ አይፈጭም፤ ብቻውን የለምለም ሣርን ቦታ አይተካም። በየስላይዱ አናት ላይም «መግቢያ»፣ «ዳራ» ከማለት ይልቅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፍን። አናቶቹ ብቻ ተከታትለው ሲነበቡ ነገሩ የሚገባ ከሆነ ሥራው አልቋል።

ሩዙን በማስተዋወቅ ስለተሳተፉት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያለው ታሪክ ወጣ። ለአንዳችን ከባድ ነበር፤ እስካሁንም ያነሣዋል። ለጥያቄ ጊዜ ያስቀመጥነው እሱን ለማጽናናትም ጭምር ነው።

ከመቅረባችን በፊት ሌላ ትምህርት ክፍል ለሚማር የዶርም ጓደኛችን አሰማነው፤ ከዚያም «ምን አልን?» ብለን ጠየቅነው። «ስለ ሩዝ» ቢለን ኖሮ ወደ ወረቀቱ እንመለስ ነበር። እሱ ግን «ሩዙ የላሟን ቦታ ወሰደባት» አለን። የገቢው ጉዳይ አልያዘለትም፤ እሱን በሁለተኛው ስላይድ አናት ላይ ጨመርነው።