ጨረቃን መትቼ የተሸነፍኩበት ማታ

ግምጃ ቤት ክረምት ላይ መብራት ከጠፋ ማታው አያልቅም። ብርዱም ከቤት አያስወጣም። እንዲህ ሲሆን እኛ አራት መምህራን በስልክ ባትሪ ብርሃን ካርታ ይዘን እንቀመጣለን። የምንጫወተው ኮንከር አይደለም፣ ኸርትስ ነው። ስሙን ባታውቁት እንኳን ዊንዶውስ 7 ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ከሶሊቴር ጋር አብሮ የሚመጣውን ጨዋታ ሳታዩት አትቀሩም። እኔም የለመድኩት እዚያ ነው፣ ብቻዬን ከማሽኑ ጋር። ዛሬ የምጽፈው ግን ማሽኑ ሳይሆን ሁለት ሽንፈት ስላስተማሩኝ ነገር ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ላስረዳ። አራት ሰው አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ካርታ ይይዛል። ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዱ የማይፈልጋቸውን ሦስት ካርታዎች ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ከሌላው ጎረቤቱም ሦስት ይቀበላል። ከዚያ የአበባ ሁለት የያዘ ሰው ይጀምራል። ሁሉም የተጀመረውን ዓይነት መከተል አለበት፣ የሌለው ያሻውን ይጥላል፣ በተጀመረው ዓይነት ትልቁን የጣለ ዙሩን ይበላል። የመጀመሪያው ዙር ላይ ነጥብ ያለው ካርታ መጣል ክልክል ነው። ልብም ቀድሞ አንድ ሰው ካልጣለው በቀር አይመራበትም።

ነጥቡ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ነጥብ ዕዳ ነው። እያንዳንዱ ቀይ ልብ 1፣ የስፔድ ንግሥት ብቻዋን 13። ልቦቹ አሥራ ሦስት ስለሆኑ በአንድ እደላ ውስጥ ያለው ዕዳ በሙሉ 26 ነው። አንድ ሰው 100 ሲደርስ ጨዋታው ያልቃል፣ ያሸነፈው ትንሽ ነጥብ ያለው ነው። ስለዚህ ሁሉም ከልብና ከንግሥቲቱ ይሸሻል።

አንድ ነገር ብቻ ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። አሥራ ሦስቱንም ልብ ንግሥቲቱንም አንተ ብቻህን ከበላህ፣ 26ቱ ካንተ ላይ ይነሳና ለሦስቱም ተጫዋቾች ለእያንዳንዳቸው 26 ይጻፍባቸዋል። ጨረቃን መምታት የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን 25 ብትበላ ጨረቃ የለም፣ 25ቱን ተሸክመህ ትሄዳለህ።

አንድ ማታ የሚከተለው ደረሰኝ፦ የልብ አስ፣ ንጉሥ፣ ንግሥትና 5፤ የስፔድ አስ፣ ንጉሥ፣ ንግሥትና 8፤ የአበባ አስ፣ ንጉሥና 4፤ የዳይመንድ አስና 7። ልቤ ዘለለ። ትንንሾቹ አራት ናቸው፣ ማቀበል የምችለው ደግሞ ሦስት። «ልብ በሙሉ ልሰበስብ ነው፣ የራሴን ልብ ለምን ለሰው እሰጣለሁ?» ብዬ የልብ 5ን አስቀረሁና 8ን፣ 7ን እና የአበባ 4ን አቀበልኩ። በምትካቸው የዳይመንድ ንጉሥና ንግሥት፣ እንዲሁም የአበባ ንግሥት መጡልኝ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

አበባውን በላሁ፣ ዳይመንዱን በላሁ፣ በስፔድ ንግሥት ራሴ መርቼ መልሼ በላኋት። የሂሳብ መምህሩ እዚህ ላይ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ሰው የሚሸሻትን ንግሥት በደስታ ሲበላ ምልክት ነው። ከዚያ በልብ አስ፣ ንጉሥና ንግሥት መራሁ። እሱ እየቆጠበ ትንንሽ ልቦቹን ብቻ ጣለ። እጄ ላይ የልብ 5 ብቻ ቀረች። እሱ እጅ ላይ የልብ ጃክ። አምስቴን አስቀመጥኩ፣ ጃኩን አሳየኝና ሁለት ልብ ወሰደ። እኔ 24 ተጻፈብኝ። «ቲቸር፣ ጨረቃዋ ደመና ገባች» አለኝ።

ቤት ገብቼ ካርታውን እንደገና ደረደርኩት። የሳትኩት በማቀበሉ ላይ ነበር። ጨረቃ ለመምታት ዙሩን በሙሉ መብላት አያስፈልግም፣ ነጥብ ያለበትን ዙር በሙሉ መብላት ነው የሚያስፈልገው። ትንሽ ልብ ከተበላችብህ ነጥብ ይዛ ነው የምትሄደው። ትንሽ አበባ ግን መውጫ አላት፤ የመጀመሪያው ዙር የሚጀምረው በአበባ ነው፣ ያን ዙር ላይ ደግሞ ነጥብ አይጣልም። የልብ 5ን ከ8 እና ከ7 ጋር አቀብዬ የአበባ 4ን ባስቀር ኖሮ፣ በመጀመሪያው ዙር 4ን ጥዬ በነጻ እሸነፍ ነበር። ከዚያ በኋላ እጄ ላይ የሚቀረው የአራቱም ዓይነት አስ፣ ንጉሥና ንግሥት ነው። ማንም በምንም ቢመራ የቀሩት አሥራ ሁለት ዙሮች የእኔ ነበሩ። በአንዲት ካርታ ምርጫ የተረጋገጠች ጨረቃ ወደ 24 ዕዳ ተለወጠች።

እንዲህ ዓይነት ካርታ ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም። እርግጠኛ ሳይሆኑ መቼ ይሞከር? ሂሳቡ ቀላል ነው። ከተሳካልህ ከእያንዳንዱ ተጫዋች በ26 ትቀድማለህ። መጨረሻ ላይ ከከሸፈብህ 22 ወይም 24 አካባቢ ወደ ኋላ ትቀራለህ። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ፣ ከሁለት ሙከራ አንዱ የሚሳካ ከመሰለህ መሞከር ያዋጣል። እጅህ ላይ ትንንሽ ካርታ ከሌለ ደግሞ ዕድሉ ቀነስ ቢልም ሞክር፤ ለመሸሽ ብትጥር እንኳን ትልልቆቹ ካርታዎችህ ዙሩን እያስበሉህ ነጥብ ማግኘትህ አይቀርም። ለሽሽት የማይመች እጅ ነው ለጨረቃ የሚመቸው። መሃል ላይ አንድ ልብ ለሌላ ሰው ከሄደ ግን ወዲያው ተው፣ ከዚያ በኋላ የምትበላው ሁሉ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ሽንፈት የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ጨረቃዋን መትቻታለሁ። ውጤታችን ይህ ነበር፦ እኔ 79፣ የፊዚክስ መምህሩ 78፣ የሲቪክስ መምህሩ 55፣ የሂሳቡ 41። ጥሩ እጅ መጣልኝ፣ በዚህ ጊዜ ትንሿን ልብ አቀብዬ 26ቱንም ሰበሰብኩ። ብድግ ብዬ ጨፈርኩ። የሂሳቡ መምህር ዝም ብሎ ደብተሩ ላይ ደመረ፦ እኔ 79፣ ፊዚክስ 104፣ ሲቪክስ 81፣ እሱ 67። ፊዚክስ 100 ስላለፈ ጨዋታው አለቀ፣ ትንሽ ነጥብ ያለው ደግሞ የሂሳቡ መምህር ነው። በገዛ እጄ ዘውዱን ጫንኩለት። ሳቃቸው እስከ አስፋልቱ ሳይሰማ አልቀረም።

በአንዳንድ ሰዎች ደንብ የመታው ሰው ከፈለገ የሌሎቹን ከመጨመር ይልቅ ከራሱ 26 ያስቀንሳል። እንደዚያ ቢሆን እኔ 53፣ እሱ 41 ሆነን ጨዋታው ይቀጥል ነበር። እኛ ግን የምንጫወተው በኮምፒውተሩ ደንብ ነው፣ ምርጫ የለውም።

አሁን ጨረቃ ከመነሳቴ በፊት ሁለት ነገር እደምራለሁ። በ26 ምክንያት 100 የሚደርስ ሰው አለ ወይ? ካለ፣ የእኔ ነጥብ ከመሪው ነጥብና ከ26 ድምር ያንሳል ወይ? ያን ማታ 79 ከ67 አያንስም ነበር። ማድረግ የነበረብኝ ንግሥቲቱን መሪው እጅ ላይ ለመጣል መሞከር፣ ካልሆነም ከእሷ ሸሽቼ ሌላ እደላ መጠበቅ ነበር።

የሂሳቡ መምህር አሁንም አንዲት ትልቅ ልብ እስከ መጨረሻው አይለቅም። እኔም ከእሱ ለምጄዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የልብ ጃክ ይዤ ጠበቅኩት፣ እሱ እጅ ላይ የቀረችው 9 ነበረች።