ከታናሽ ይጀመር
(ጥሊሊ ላይ፣ በማመዛዘን ውድድር መክፈቻ፣ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ያደረግነው ንግግር)



ከእንጅባራ ተነሥታችሁ፣ የዘንገናን ሐይቅ በስተጎን ትታችሁ እዚህ ጥሊሊ ስትደርሱ ብርዱ አስቀድሞ እንደ ተቀበላችሁ ከፊታችሁ ይታያል። ጋቢ ያመጣ ለጎረቤቱ ያካፍል። እኛም ንግግራችንን አናስረዝምም። ነገር ግን ጥያቄው ከመታደሉ በፊት የምንነግራችሁ አንድ ታሪክ አለን፤ ታሪኩም የራሳችን ሽንፈት ነው።

ዓምና እኛ በእናንተ ቦታ፣ አራት ሆነን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ነበር። የቀረበልን ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር። በጠረጴዛው ላይ አራት ካርዶች አሉ። እያንዳንዱ ካርድ በአንድ ገጹ ፊደል፣ በሌላው ገጹ ቁጥር ተጽፎበታል። ለእኛ የሚታዩን ገጾች ሀ፣ ለ፣ 3 እና 7 ናቸው። ከዚያም አንድ ሕግ ተሰጠን፤ «በአንዱ ገጽ ሀ ካለ በሌላው ገጽ 3 አለ» ይላል። ሕጉ በእነዚህ አራት ካርዶች ላይ እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን ለማወቅ የግድ መገልበጥ ያለባቸው የትኞቹ ናቸው?

ከእኛ መካከል በሒሳብ የታወቀ አንድ ጓደኛ ነበር። ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ «ሀ እና 3» አለ። እኛም እውነት መሰለን። ሕጉ የሚናገረው ስለ ሀ እና ስለ 3 አይደለምን? ሁለተኛው ራሱን ነቀነቀ፤ የቡድኑ መሪ የነበርነው እኛም ብዕራችንን አነሣን። አራተኛዋ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ አፏን የፈታችው በአውኚ ነው። አንድ ነገር ልትናገር ጀምራ «እ…» አለች፤ የአማርኛውን ቃል እስክታገኝ ድረስ ግን እኛ አልጠበቅናትም። «ተስማማን አይደል?» አልን። ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቆጠርነው። መልሱን የሰጠነው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ነው፤ የተፈቀደልን ጊዜ ግን አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር።

ተሸነፍን። ወረቀታችንን ስንሰበስብ ከእርስዋ ወረቀት ጥግ ላይ በትንሽ ጽሕፈት «ሀ፣ 7» ተብሎ ተጽፎ አየነው። ትክክለኛው መልስ እርሱ ነበር። መልሱ ከጠረጴዛችን ላይ ሳለ፣ ከእጃችን በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሳለ፣ እኛ ሌላውን አስረክበን ተነሣን። ይቅርታ ጠየቅናት፤ «ምንም አይደል» አለችን። ያ «ምንም አይደል» እስከ ዛሬ ጆሯችን ውስጥ አለ።

አሁን መልሱ ለምን ሀ እና 7 እንደ ሆነ እንመልከት። ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ፤ ይኸውም «ይህን ካርድ ብንገልጠው ሕጉን የሚያፈርስ ነገር ልናገኝ እንችላለን ወይ?» የሚል ነው። ሀን ብንገልጥ ከጀርባው 7 ልናገኝ እንችላለን፤ ያን ጊዜ ሕጉ ፈረሰ፤ ስለዚህ መገለጥ አለበት። ለ የተጻፈበትን ብንገልጥ ምንም ይገኝ ምን ሕጉ ስለ ለ የተናገረው ነገር የለም፤ ይለፍ። ጓደኛችንን ያሳሳተው 3 ነው። ከጀርባው ሀ ቢገኝ ሕጉ ይስማማል፤ ለ ቢገኝም ሕጉ አይፈርስም፤ «ሀ ካለ 3 አለ» ተባለ እንጂ «3 ካለ ሀ አለ» አልተባለምና። እንግዲህ 3ን መግለጥ ጥቅም የለውም። 7 ግን ከጀርባው ሀ ቢገኝበት ሕጉን ያፈርሰዋል። ማንም የማያስበው ካርድ ዋነኛው ሆኖ ተገኘ።

ይህ ያልገባው ቢኖር ወደ መንገዱ ይመልከት። በአዊ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ ከሰል እያከሰለ በመኪና ወደ አዲስ አበባ መላኩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንተ የኬላ ጠባቂ ነህ እንበል፤ ሕጉም «ከሰል የጫነ መኪና የይለፍ ወረቀት ይኑረው» የሚል ነው። አራት መኪናዎች ቆመዋል። አንዱ ከሰል መጫኑ ይታያል፤ ሁለተኛው ድንች መጫኑ ይታያል፤ ሦስተኛው በሸራ የተሸፈነ ሆኖ ሾፌሩ የይለፍ ወረቀቱን በእጁ ይዟል፤ አራተኛውም የተሸፈነ ሆኖ ሾፌሩ ወረቀት የለኝም ብሏል። የትኛውን ትፈትሻለህ? ከሰል የጫነውን ወረቀት ትጠይቃለህ፤ ወረቀት የሌለውን ሸራውን ትገልጣለህ። ወረቀት የያዘውን ሸራ ለመግለጥ የሚደክም ጠባቂ የለም። ጥያቄው ግን ያው የካርዱ ጥያቄ ነው፤ ከሰሉ ሀ፣ ድንቹ ለ፣ ወረቀቱ 3፣ ወረቀት ማጣቱ 7 ነው። በፊደል ሲመጣብን የምንስተውን በኬላ ላይ አንስተውም።

ጥያቄውን የፈለሰፈው ፒተር ዌሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሲሆን ያወጣውም በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተማሩ ሰዎች ወድቀውበታል። እኛን የሚመለከተው ግን በ1998 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሞሽማንና ሞሊ ጌይል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያሳተሙት ጥናት ነው። ለየብቻቸው ከመለሱት የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች መካከል ትክክለኛውን ያገኙት ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አምስት ወይም ስድስት እየሆኑ ከተመካከሩት ቡድኖች ግን ከመቶ 75ቱ አገኙት። ልብ አድርጉ፤ በድምፅ ብልጫ ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹ ቡድኖች በወደቁ ነበር፤ ለብቻው ሲመልስ ብዙው ሰው ተሳሳች ነበርና። ያሸነፈው ምክንያት ነው። አንዱ «7ስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው ሊመልስለት ሲሞክር አቅቶት ሐሳቡን ለወጠ። እኛም አራት ነበርን፤ ነገር ግን ስላልተመካከርን አራት ሰዎች ሳንሆን የአንድ ሰው አራት ፊርማ ሆንን።

እንግዲህ እንዴት እንመካከር? ከሽንፈታችን በኋላ ክበባችን የሚሠራበትን ሥርዓት እንንገራችሁ። መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ማንም አይናገርም። እያንዳንዱ መልሱን፣ ከመልሱም ሥር ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። አንድ ጊዜ የሌላውን መልስ የሰማ ሰው የራሱን መልሶ ማግኘት ይከብደዋልና ጽሑፉ ከንግግሩ ይቅደም።

ከዚያ በኋላ ንባቡ ከታናሹ ይጀመራል። ይህን ከውጭ አገር መጽሐፍ አላመጣነውም። በቀድሞው የአገራችን ችሎት ፍርድ ሲሰጥ አስተያየት የሚጀመረው ከበታቹ ዳኛ ነበር፤ ወደ ላይ እየወጣ ሄዶ ንጉሡ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ንጉሡ አስቀድሞ ቢናገር ከእርሱ በኋላ የሚሰማው የንጉሡ ቃል ማሚቶ ብቻ ይሆናል። በእኛም ጠረጴዛ ንጉሥ አለ፤ በሒሳብ የታወቀው፣ ወይም ሦስተኛ ዓመት የደረሰው፣ ወይም ድምፁ የሚጎላው ነው። እርሱ መጨረሻ ይናገር። አማርኛው የከበደው በአውኚ ይናገር፤ ከመካከላችን የሚሰማ ይተርጉምለት። ለትርጉም የሚጠፋው ደቂቃ እኛ ካጠፋነው ውድድር ይልቅ ርካሽ ነው።

መልሶቹ ከተለያዩ ደስ ይበላችሁ፤ ሥራ ተገኘ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ «እኔም እንደ እርሱ ነኝ» ማለት አይፈቀድም። የሚቃወም ሰው አስቀድሞ የተቃወመውን ምክንያት በራሱ አፍ ይድገምና ባለቤቱ «አዎን፣ ያልኩት ይህን ነው» ይበለው፤ ከዚያ ይቃወም። ብዙ ጠብ በዚህች ብቻ ያልቃል። መልስ ላይ ከተደረሰም በኋላ አንድ ሰው ተመርጦ ያንን መልስ ለማፍረስ ሁለት ደቂቃ ይታገል። ካልፈረሰ ይጻፍ።

ምክክሩ እየተበላሸ መሆኑን የምታውቁባቸው ምልክቶች አሉ። ሁሉም በመጀመሪያው ደቂቃ ከተስማማ ተጠራጠሩ። «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ ምክንያት በመስጠት ፈንታ የሰው ስም ከተጠራ፣ ማለትም «እገሌ ስላለው ነው» ከተባለ፣ አቁማችሁ ወደ ወረቀታችሁ ተመለሱ። አንዱ መልሱን ሲለውጥ የትኛው ምክንያት እንደ ለወጠው መናገር ካልቻለ የለወጠው ዓይነ አፋርነት ነው።

ይህ ሥርዓት ለሁሉ ነገር አይሆንም። የሚረዳው መልሱ ሲገኝ ለሁሉ ሊታይ በሚችል ጥያቄ ነው። በዛሬው ውድድር የግምት ጥያቄም አለ። አንድ በሬ ስንት ኪሎ ይመዝናል ብትባሉ በክርክር አትድከሙ፤ ክርክሩ ሁላችሁንም ወደ አንዱ ደፋር ግምት ይጎትታችኋልና። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1907 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ በአንድ የከብት ትርኢት ውድድር ላይ 787 ሰዎች ለየራሳቸው የጻፉትን ግምት በተራ ደርድሮ መካከለኛውን ሲያይ 1,207 ፓውንድ ሆኖ አገኘው፤ የታረደው በሬ ሲመዘን 1,198 ነበር። እናንተም ለየብቻ ጻፉ፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ፤ መካከለኛውን ውሰዱ። አራት ስለሆናችሁ የመካከለኞቹን የሁለቱን ድምር ግማሽ ያዙ።

ንግግራችንን እዚህ ላይ እንፈጽም። ያች ዓምና ያልሰማናት ጓደኛችን ዛሬ ከእናንተ ጋር አትወዳደርም፤ ጥያቄዎቹን ያዘጋጀችው እርስዋ ናትና። እኛም ዛሬ ሥራችን ሰዓት መያዝ ብቻ ነው። ወረቀታችሁን አንሡ። ሦስቱ የዝምታ ደቂቃዎች ከአሁን ጀምረው ይቆጠራሉ።