የከሰረው ፊልም ሁለተኛ ዕድሜ

የዛሬ ሦስት ዓመት እኔና አራት ጓደኞቼ የአርባ ደቂቃ ፊልም ሠርተን ነበር። ካሜራውን ተከራየን፤ መብራቱን ተዋስን፤ የጎደለውን ገንዘብ ታላቅ እህቴ ከደረሳት እቁብ ላይ አበደረችን። ፊልሙን ባሳየንበት ቅዳሜ ግን ሁለት መቶ ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ የገባው ሰው ስልሳ አይሞላም ነበር፤ ከእነሱም ግማሾቹ ዘመዶቻችን ናቸው። የቲኬቱ ገቢ የአዳራሹን ኪራይ እንኳ አልሸፈነም።

ማታ ወንበር ስንደረድር ካሜራ የያዘው ጓደኛችን፣ «አይዟችሁ፤ ትልልቆቹ ፊልሞችም መጀመሪያ ከስረዋል። ጊዜው ሲደርስ ሰው ያገኘዋል» አለን። በዚህች ቃል ለብዙ ወራት ተጽናናሁ። እያደር ግን መጽናኛዋ ወደ ጥያቄ ተለወጠችብኝ። በሲኒማ ቤት የወደቀ ፊልም ከዓመታት በኋላ ተነሥቶ፣ ሰዎች ደጋግመው የሚያዩትና የልባቸው ወዳጅ የሚያደርጉት በምን ምክንያት ነው? በእንግሊዝኛ «ካልት ክላሲክ» የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው። መልሱን ለመፈለግ አንድ ፊልም መረጥኩ፤ እሱም በ1946 (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአሜሪካ የተሠራው «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ነው። በእኛ አባባል «ሕይወት ድንቅ ናት» እንደ ማለት ነው።

ታሪኩን ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጆርጅ ቤይሊ የሚባል ሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖራል። ዓለምን መዞር ይመኛል፤ ግን ለድሆች የቤት መሥሪያ ገንዘብ የሚያበድረውን የአባቱን ድርጅት ጥሎ መሄድ አይሆንለትም። በገና ዋዜማ አጎቱ የድርጅቱን 8,000 ዶላር ይጥላል። ጆርጅ ተስፋ ቆርጦ ከድልድይ ሊዘል ሲል ክላረንስ የተባለ መልአክ ይደርስለትና፣ እሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማዋ ምን ትመስል እንደነበር ያሳየዋል።

ዳይሬክተሩ ፍራንክ ካፕራ ከጦርነቱ በፊት ሦስት ጊዜ ኦስካር ያገኘ ታዋቂ ሰው ነበር። ከጦር ሠራዊት እንደተመለሰ ከባልደረቦቹ ጋር ሊበርቲ ፊልምስ የሚባል የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ ይህም የኩባንያው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ገንዘብ አልሰሰተም። የከተማዋን ዋና መንገድ ከነሱቆቹና ከነዛፎቹ አስገነባ። በረዶውም በበጋ ሙቀት የተሠራ ነው። በዚያን ዘመን ለበረዶ ነጭ ቀለም የተቀባ የበቆሎ ቅርፊት ይነሰነስ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሲረገጥ ስለሚንኮሻኮሽ የተዋናዮቹን ድምፅ ያበላሻል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከእሳት ማጥፊያ አረፋ ድምፅ የሌለው በረዶ ፈጠሩ። ሁሉም ተደምሮ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ለጊዜው ከባድ ገንዘብ ነበር።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ነገር ተማርኩ። ፊልሙ ያለ ተመልካች አልቀረም። ብዙ ሰው ገብቶ አይቶታል። ነገር ግን ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ይወስዳል፤ አከፋፋዩም ድርሻውን ይወስዳል፤ ለሠሪው የሚተርፈው ወጪውን የሚሸፍን አልሆነም። በመጨረሻ የተመዘገበው ኪሳራ 525,000 ዶላር ነው። ለካ «ከሰረ» ማለት «ማንም አልወደደውም» ማለት አይደለም፤ «በተመደበለት ሳምንታት ውስጥ የወጣበትን ያህል አልመለሰም» ማለት ነው።

ሳምንታቱም አልተመቹትም። ፊልሙ ሊወጣ የታሰበው በጥር መጨረሻ ነበር፤ በዚያ ዓመት ለኦስካር ለመወዳደር ሲባል ተጣድፎ ታኅሣሥ 20 ቀን 1946 በኒው ዮርክ አንድ ሲኒማ ቤት ተከፈተ። ለመላው አገር የተሰራጨው ግን ጥር 7 ቀን 1947 ነው። እኛ ቤት ያ ቀን የልደት በዓል ነበር፤ ለአሜሪካውያን ግን ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት፣ ዛፉም ከቤት ወጥቶ ተጥሏል። ለኦስካር በአምስት ዘርፍ ታጨ፤ አንዱንም አላሸነፈም። ያገኘው የቴክኒክ ሽልማት ለዚያ ድምፅ አልባ በረዶ የተሰጠው ብቻ ነው። በዚያው በ1947 ሊበርቲ ፊልምስ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ።

ያኔ ቪዲዮ የለም፤ ቴሌቪዥንም ገና በጥቂት ቤት ነው። አንድ ፊልም ከሲኒማ ቤት ከወረደ ወደ መጋዘን ይገባል። ይህም ፊልም ገብቶ፣ ባለቤት እየለዋወጠ፣ አንዳንዴም በቴሌቪዥን እየታየ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊጠጋው ቆየ። ከዚያ ያወጣው አንድ ሃያሲ ወይም አንድ ታላቅ አድናቂ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ያወጣው ያልተሞላ ፎርም ነው።

በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ የአንድ ሥራ የባለቤትነት መብት ለ28 ዓመት ይቆያል፤ ባለመብቱ ካሳደሰው ለሌላ 28 ዓመት ይራዘማል። የዚህ ፊልም ማደሻ ጊዜ በ1974 ደረሰ፤ ባለመብቱ ድርጅት ግን ሳያሳድሰው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የቴሌቪዥን ጣቢያ ለባለመብት ሳይከፍል ሊያሳየው ቻለ። በየከተማው ያሉ አነስተኛ ጣቢያዎች ለገና ሰሞን የሚሆን፣ ዋጋ የማይጠይቅ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሞላ ፊልም ይፈልጉ ነበር። ያሳዩት ጀመር፤ ያውም አንዴ ሳይሆን በአንድ ሰሞን ደጋግመው፣ በየዓመቱ።

ይህ የለወጠው ምንድን ነው? ሲኒማ ቤት የሚሄድ ሰው ከፍሎ፣ መርጦ፣ አንድ ጊዜ ያያል። በቴሌቪዥን ግን እናት ሽንኩርት እየከተፈች ከመሃል ትደርስበታለች፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያውን ታያለች፤ በሦስተኛው ልጆቿን ጠርታ ታስቀምጣለች። ልጆቹ አድገው የራሳቸው ቤት ሲኖራቸው ያ ፊልም ከሌለ ገና የጎደለ ይመስላቸዋል። ሲኒማ ቤት የወደቀው ፊልም እንዲህ ሆኖ የቤተሰብ ልማድ ሆነ። በ1993 ሌላ ኩባንያ በመነሻው አጭር ልብ ወለድና በሙዚቃው ላይ ባለው መብት ተጠቅሞ ነጻውን ስርጭት አስቆመ። ያን ጊዜ ግን ዘግይቷል፤ ሰው ፊልሙን ይፈልገዋል፤ ሲገደብም የሚጠብቀው ሆነ።

እዚህ ስደርስ «ስለዚህ ነጻ ማድረግ ብቻ ይበቃል» ብዬ ልደመድም ነበር። ግን የሚቃወመኝ ሌላ ፊልም አገኘሁ። ያው ካፕራ በ1941 «ሚት ጆን ዶ» የሚባል ፊልም ሠርቷል። በዚያም ውስጥ ተስፋ የቆረጠ ሰው በገና ዋዜማ ከሕንፃ ጣሪያ ሊዘል ይቆማል። የዚህም መብት ሳይታደስ ቀርቶ በነጻ ሊታይ የሚችል ሆኗል። ዳይሬክተሩ አንድ፣ በዓሉ አንድ፣ ዋጋው ነጻ፤ ይሁን እንጂ እንደዚያኛው የየቤቱ ወዳጅ አልሆነም። ካፕራ ለዚህ ፊልም የሚሆን መጨረሻ አጥቶ ብዙ ዓይነት ፍጻሜ ቀርጾ ሞክሯል፤ የተመረጠውም ሲታይ ችግሩ በንግግር ተድበስብሶ የታለፈ ይመስላል።

ሁለቱን በተከታታይ ምሽት አየኋቸው። በ«ሕይወት ድንቅ ናት» ውስጥ አንድ ተራ ነገር አለ። በጆርጅ ቤት የደረጃው መደገፊያ ጫፍ ላይ ያለች የእንጨት ጉልላት ላልታለች፤ ሲይዛት እጁ ላይ ትቀራለች፤ ይናደዳል። መጨረሻ ላይ ከዚያ አስጨናቂ ሌሊት ሲመለስ ያችው ጉልላት እንደገና እጁ ላይ ትቀራለች፤ እሱም ይስማታል። መጀመሪያ ሳየው ሳቅሁ። ሁለተኛ ጊዜ ግን ገና በመጀመሪያው ንዴቱ ላይ ጉሮሮዬን አነቀኝ፤ ምክንያቱም ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ። የትንሿ ልጁ የአበባ ቅጠሎችም እንዲሁ ናቸው። ኪሱ ውስጥ ሲከታቸው ከቁም ነገር አንቆጥራቸውም፤ ባልተወለደበት ዓለም ኪሱን ሲዳብስ የሉም፤ ሲመለስ ያገኛቸዋል። መጨረሻውን ማወቅ ይህን ፊልም አያበላሸውም፤ ያከብደዋል። ተደጋግሞ የመታየት ዕድል ያገኘ ፊልም የሚለየው በዚህ ነው። ድግግሞሽ የማይችለውን ያሰለቻል፤ የሚችለውን ያሳድጋል።

ስለዚህ የጓደኛዬ ቃል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ጊዜ በራሱ ማንንም አያነሣም። በዚያው ዓመት የከሰሩ ሌሎች ፊልሞች ዛሬም እንደከሰሩ ናቸው። የተነሣው ሁለት ነገር ስለገጠመለት ነው። በሩ ለብዙ ሰው ደጋግሞ ተከፈተ፤ የገባውም ሰው ለመመለስ ምክንያት አገኘ።

ይህን ሁሉ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ለእህቴ አወራሁላት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «የናንተውስ ፊልም የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ሃርድ ዲስክ ላይ። መሳቢያ ውስጥ።»

«ታዲያ ከመሳቢያ ውስጥ ማን ይውደደው?»

መልስ አልነበረኝም። ለሦስት ዓመት «ጊዜው ይደርሳል» ስል በሩን የቆለፍኩት እኔው ነበርኩ።

በማግስቱ አምስታችንም ተሰብስበን ፊልማችንን ከፍተን አየነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ለራሳችን ማቅረብ የበለጠ ያማል። መጨረሻችን ድንገተኛ ምስጢር መግለጥ ነበር፤ አንዴ ያወቀው ሰው ሁለተኛ የሚያይበት ምክንያት የለውም። ከመሃል ያሉ ሁለት ትዕይንቶች እኛን ራሳችንን አሰለቹን። አንድ ቦታ ላይ ግን ሁላችንም ጸጥ አልን፤ አባትየው ልጁ የጻፈለትን ደብዳቤ ማንበብ ስለማይችል አጥፎ ኮፍያው ውስጥ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ካሜራ የያዘው ጓደኛችን፣ «ይህን እንኳ እንደገና አየዋለሁ» አለ።

አርባውን ደቂቃ ወደ ሃያ ስድስት አሳጠርነው፤ የደብዳቤውን ትዕይንት ሳንነካ። ከዚያ በፍላሽ እየገለበጥን፣ በነጻ፣ ለሚጠይቀን የወጣቶች ኅብረት ሁሉ መስጠት ጀመርን። እስካሁን ስድስት ቦታ ታይቷል። የእህቴን ብድር የከፈልኩት ከደመወዜ ነው፤ ፊልሙ ዛሬም እንደከሰረ ነው። ባለፈው ወር ግን ካየችው መካከል አንዲት ልጅ ፕሮጀክተሩን ስንፈታ ቀረብ ብላ፣ «አንድ ቅጂ ስጡኝ፤ አባቴ ይየው፤ እኔም አብሬው ደግሜ አየዋለሁ» አለችኝ። ፍላሹን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት።