ደረሰኝ ይዘው በር ስለሚያንኳኩ ሰዎች

ውድ የአሰላ ጎረቤቶቼ፣ ሰሞኑን በሰፈራችን ደረሰኝ ይዘው የሚዞሩ ሁለት ሰዎች አሉ። ለአንዱ ቤት «የጤና መድን እድሳት ነው»፣ ለሌላው «ለተፈናቀሉ ወገኖች መዋጮ ነው» ብለዋል። ሁለቱን ደረሰኞች ጎን ለጎን አየኋቸው፤ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው፣ ከአንድ ጥራዝ የተቆረጡ ናቸው። መድንና እርዳታን በአንድ ጥራዝ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት እኔ አላውቅም።

የሚመጡት ረፋድ ላይ ነው፤ ያኔ ሠራተኛው ወጥቷል፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ነው፣ በር የሚከፍቱት እናቶችና አዛውንቶች ናቸው። ገብሱ ተሽጦ እጅ ላይ ብር ያለበትን ወቅት ደግሞ አሳምረው ያውቁታል።

ለምን እንደሚታመኑ ግልጽ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን በየዓመቱ በእርግጥ ይታደሳል፣ ክፍያውም በቀበሌ በኩል ይሰበሰባል። ውሸታቸውን እውነት ላይ ለጥፈውታል። የተጋለጡት ግን አንዲት እናት ጋ ነው። እሳቸው መክፈል ከማይችሉት ተመዝግበው መዋጯቸውን መንግሥት የሚሸፍንላቸው ናቸው። መዝገቡን የያዘ ሰው ከእሳቸው ገንዘብ አይጠይቅም። እነዚህ ጠየቁ፤ «ዛሬ ካልከፈሉ ካርድዎ ይሰረዛል» ብለውም አስፈራሩ።

ደረሰኙ ላይ ስላለው ማኅተም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን «ክብ ማኅተም አለው» ብለን እናልፋለን። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የቀበሌ ወረቀት በቁቤ ይጻፋል። በቁቤ ማንበብ የማይችሉ አዛውንቶቻችን ማኅተሙ ላይ የቀበሌው ስም ይኑር የሌላ፣ በምን ይለዩታል? ልጆች ሲገቡ ያስነብቧቸው። የመንግሥት ገቢ የሚሰበሰብበት ሞዴል 64 ደረሰኝ ቁጥሩ አስቀድሞ የታተመ ነው፤ የትኛው ጥራዝ ለማን እንደተሰጠም ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። ስለዚህ ቁጥሩን ይዞ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ግን አትደውሉ፤ የሚያነሳው ያው የእነሱ ሰው ሊሆን ይችላል።

በቴሌብር ላኩ ካሏችሁ፣ ከማረጋገጣችሁ በፊት የተቀባዩን ስም እዩ። የግለሰብ ስም ከወጣ አትላኩ።

በሩ ላይ ደግሞ «ነገ ቀበሌ መጥቼ እከፍላለሁ» በሏቸው። እውነተኛው ሰብሳቢ እሺ ብሎ ይሄዳል። የእኛዎቹ ይህን የሰሙበት ቤት መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ዋጋውን በግማሽ ቀነሱ! የመንግሥት መዋጮ በር ላይ ሲወርድ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

የከፈላችሁ ወረቀቱን አትጣሉ። «ለሁለት መቶ ብር ፖሊስ ጣቢያ ማን ይመላለሳል» የሚለውን ሐሳባችንን ተማምነው ነው የሚዞሩት። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል፤ ከአንድ ጥራዝ የወጡ ብዙ ደረሰኞች አንድ ላይ ሲቀርቡ ደግሞ የአንድ ቤት ቅሬታ መሆኑ ይቀራል። ለእድራችን ጸሐፊ ስጧቸው፤ ሰኞ ጠዋት አብረን ወደ ፖሊስ እንወስዳቸዋለን።