«ቲቸር፣ ሩቅ ማለት ስንት ነው?»

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የሂሳብ ደብተሯን ይዛ ሳሎን መጣች። አሥረኛ ክፍል ናት። ደብተሩን ገልጬ ሳይ የራሴን የሰሌዳ ጽሑፍ ያየሁ መሰለኝ። በአራት ሳጥን የተከፈለ ሠንጠረዥ፣ በየሳጥኑ አንዳንድ ትንሽ ግራፍ፣ በየግራፉ ጫፍ ቀስት። ዲግሪው ኢቭን ከሆነና ሊዲንግ ኮኤፊሸንቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ሁለቱም ጫፍ ወደ ላይ። ኢቭን ሆኖ ኔጌቲቭ ከሆነ ሁለቱም ወደ ታች። ኦድ ሆኖ ፖዘቲቭ ከሆነ በግራ ታች፣ በቀኝ ላይ። ኦድ ሆኖ ኔጌቲቭ ከሆነ የዚያ ተቃራኒ።

እኔ ያስተማርኳችሁ ታስታውሱታላችሁ። እጄን ዘርግቼ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ሳደርግ ትስቁ ነበር።

ልጄ አልሳቀችም። «ይሄንን ሸምድጄዋለሁ። ግን ‹በጣም ሩቅ ሲሄድ› የሚለው ስንት ድረስ ነው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ በሌላ መልክ ጠይቃኝ ነበር። ያኔ አልመለስኩላትም። ዛሬ የምጽፈው ለዚያ ነው።

የሚድ ፈተና ነበር። ተማሪዎቼ ነጥብ እየለቀሙ ግራፍ ከመሳል ይልቅ ሕጉን እንዲጠቀሙ ፈልጌ ሆን ብዬ ቁጥሩን አከበድኩት፦

p(x) = x³ − 100x² − 40x + 20

ጥያቄው «ግራፉ በሁለቱም ጫፍ ወዴት ይሄዳል?» ነው። ሁለት ማርክ። ዲግሪው 3፣ ሊዲንግ ኮኤፊሸንቱ 1፤ ስለዚህ በግራ ታች፣ በቀኝ ላይ። አስር ሰከንድ የማይፈጅ ነገር።

ያቺ ልጅ ግን «ሁለቱም ወደ ታች» ብላ ጻፈች። ኤክስ አደረግኩበት። በማግስቱ ስታፍ ሩም መጣችና ወረቀቷን ገልብጣ አሳየችኝ። በጀርባው ከ−10 እስከ 10 ያሉትን ሃያ አንድ ቁጥሮች አንድ በአንድ ተክታ ሠርታለች። በ0 ላይ 20። በ1 ላይ −119። በ3 ላይ −973። በ10 ላይ −9,380። በግራ በኩልም በ−3 ላይ −787፣ በ−10 ላይ −10,580። መሃሉ ትንሽ ጉብ ብሎ ሁለቱም ጎን ወደ ታች የሚወርድ ግራፍ።

«ቲቸር፣ ሂሳቤ የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?» አለችኝ።

አየሁት። የትም ጋ አልተሳሳተም። ሃያ አንዱም ልክ ነው። እኔ ግን ምን አልኳት? «ኦድ ዲግሪ፣ ፖዘቲቭ ሊዲንግ ኮኤፊሸንት። ደብተርሽን እዪ።» ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ደርሶብኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን በዚያች ደቂቃ የምለው ነገርም አልነበረኝም። ወረቀቷን አጥፋ ሄደች። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ስትጠይቅ አላስታውስም።

የልጅቷ ሂሳብ ልክ፣ የኔም መልስ ልክ። ታዲያ ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ?

መጀመሪያ ሁለቱን ትልልቅ ቴርሞች ብቻ እንያቸው፤ x³ እና 100x²። x³ ማለት እኮ x ጊዜ x² ነው። ስለዚህ ሁለቱም x² ይዘዋል፤ አንዱ ያንን x² በ100 ያበዛዋል፣ ሌላው በራሱ በ x ያበዛዋል። x 3 ሲሆን ውድድሩ 3 ከ100 ጋር ነው። x 10 ሲሆን 10 ከ100 ጋር ነው። ልጅቷ በሠራችው ሠንጠረዥ ውስጥ በሙሉ 100 ያሸንፋል፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ ማይነስ ስላለ ግራፉን ወደ ታች ይጎትተዋል። ግን 100 ያው 100 ነው፤ የትም አይሄድም። x ግን ያድጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። x 100 ሲደርስ እኩል ይሆናሉ፣ ሲያልፍ x³ ይበልጣል። የሊዲንግ ቴርሙ ጉልበት ኮኤፊሸንቱ ትልቅ መሆኑ አይደለም። እዚህ ኮኤፊሸንቱ 1 ብቻ ነው። ጉልበቱ ከሌሎቹ ቢያንስ አንድ x ተጨማሪ መያዙ ነው።

ቁጥር ስንከትበት ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ግራፉ በቀኝ በኩል እስከ 67 አካባቢ ይወርዳል። በ67 ላይ −150,797 ነው። ከዚያ ይታጠፍና መውጣት ይጀምራል። በ100 ላይ ገና −3,980 ነው። በ101 ላይ 6,181 ይሆናል፤ ዜሮን አለፈ ማለት ነው። በ200 ላይ 3,992,020 ደርሷል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልጅቷ እስከ 10 ሳይሆን እስከ 60 ብትሠራም መልሷ «ወደ ታች» ነበር የሚሆነው። በስልክ ግራፍ የሚስል አፕ ብትከፍትም ስክሪኑ ከ−10 እስከ 10 የሚያሳይ ከሆነ ያው ነው። የቱንም ያህል ሠንጠረዥ ብንሠራ ሠንጠረዡ ብቻውን «ከዚህ በኋላ የሚታጠፍ ነገር የለም» ሊለን አይችልም። ስህተቷ የሂሳብ ስህተት አልነበረም። ቅርቡን አይታ ስለ ሩቁ መፍረዷ ነው። እኔ ደግሞ ሕጉን ያዢ ከማለት በቀር ሩቁ የት እንደሚጀምር አላሳየኋትም።

ማሳየት ግን ይቻላል፣ ለዚያውም በመደመር።

ከሊዲንግ ቴርሙ ውጪ ያሉትን ኮኤፊሸንቶች ምልክታቸውን ጥላችሁ ደምሩ፦ 100 + 40 + 20 = 160። ይህንን ለሊዲንግ ኮኤፊሸንቱ አካፍሉ። እዚህ 1 ስለሆነ 160 እንደሆነ ይቀራል። ከ160 በላይ ላለ x ሁሉ፣ ከ−160 በታችም ላለ ሁሉ፣ የፖሊኖሚያሉ ምልክት የሊዲንግ ቴርሙ ምልክት ነው። አለቀ።

ለምን? ለጊዜው ምልክትን ትተን መጠንን ብቻ እንይ። x ከ1 በላይ ሲሆን x² ከ x ይበልጣል፣ ከ1ም ይበልጣል። ስለዚህ 40x ከ40x² አይበልጥም፣ 20ም ከ20x² አይበልጥም። ሦስቱ ቴርሞች ተባብረው፣ ሁሉም በአንድ ወገን ቆመው ቢጎትቱ እንኳ ከ160x² በላይ ጉልበት የላቸውም። x³ ግን x ጊዜ x² ነው። x ከ160 ካለፈ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው አይችሉትም። በግራም ያው ነው፣ መጠኑ እኩል ነውና።

ድምሩ ተካፍሎ ከ1 በታች ከመጣላችሁ 1ን ያዙ፤ ምክንያቱም x² ከ x የሚበልጠው ከ1 በኋላ ነው። ይህ ቁጥር የመታጠፊያው ትክክለኛ ቦታ እንዳይመስላችሁ። እንዳየነው ምልክቱ የተቀየረው 100 እና 101 መሃል ነው። 160 የሚለን «ከዚህ ወዲያ አትስጋ» ብቻ ነው። ለልጄ ጥያቄ ግን በቂ መልስ ነው፤ ለዚህ ፖሊኖሚያል ሩቅ ማለት ከ160 ወዲያ ነው። ለሌላው ሌላ ቁጥር ይሆናል።

የቀረው የኢቭንና የኦድ ጉዳይ ነው፤ እሱ ደግሞ የምልክት ማባዛት ነው። በቀኝ በኩል x ፖዘቲቭ ስለሆነ xⁿ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው፤ የሚወስነው ሊዲንግ ኮኤፊሸንቱ ብቻ ነው። በግራ x ኔጌቲቭ ነው። ኔጌቲቭን ኢቭን ጊዜ ስናባዛው ማይነሶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጠፋፋሉ፣ ኦድ ጊዜ ስናባዛው አንድ ማይነስ ይተርፋል። የዚያ ሁሉ ሠንጠረዥ ምስጢር ይህቺ የተረፈች ማይነስ ናት። አራቱን ሳጥን መሸምደድ አያስፈልግም።

ልጄ ይህን ከሰማች በኋላ «እሺ፣ ሩቅ ሲሄድ ግራፉ ከ x³ ጋር አንድ ይሆናል ማለት ነው?» አለች። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። x 10,000 ሲሆን x³ አንድ ትሪሊዮን ነው። p(x) ደግሞ 989,999,600,020። ልዩነታቸው ከአስር ቢሊዮን በላይ ነው! እየራቅን ስንሄድ ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የሚጠበው በመቶኛ ሲታይ ነው። በ200 ላይ p(x) የ x³ ግማሽ ገደማ ነበር፤ በ10,000 ላይ 99 በመቶ ሆኗል። አቅጣጫቸው አንድ ይሆናል፣ ግራፎቹ ግን አይነካኩም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። ወረቀት ሳርም ከማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከሕጉ ሳይሆን ሊዲንግ ቴርሙን ካለመለየት የሚመጡ ናቸው። መጀመሪያ የተጻፈው ቴርም ሊዲንግ አይደለም፤ ትልቁን ዲግሪ የያዘው ነው። በተለይ ፋክተር ሆኖ ሲመጣ ተጠንቀቁ፦

(2 − x)(x + 1)²(x − 3)

ከፊት ማይነስ አይታይም፤ ስለዚህ ብዙው ተማሪ «ፖዘቲቭ» ይላል። መዘርዘር አያስፈልግም፤ ከየቅንፉ x የያዘውን ብቻ አውጥታችሁ አባዙ። ከመጀመሪያው −x፣ ከሁለተኛው x²፣ ከሦስተኛው x። ውጤቱ −x⁴ ነው። ዲግሪው 4፣ ሊዲንግ ኮኤፊሸንቱ −1፤ ሁለቱም ጫፍ ወደ ታች። ማይነሷ 2 − x ውስጥ ተደብቃ ነበር። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ 10ን ክተቱ፣ −6,776 ይመጣል። −10ን ክተቱ፣ −12,636።

ያቺ ተማሪዬ ይህን ታነብ እንደሆነ አላውቅም። ካነበብሽ ግን፦ ሃያ አንዱም ልክ ነበሩ። ያን ቀን «ሂሳብሽ ልክ ነው፣ ግን እስከ 160 ድረስ ማመን አይቻልም፤ ነይ ለምን እንደሆነ ላሳይሽ» ማለት ነበረብኝ። ሁለቱን ማርክ ባልሰጥሽም አምስት ደቂቃ ልሰጥሽ ይገባ ነበር። ይቅርታ።

ለሌሎቻችሁ፣ እንደ ድሮው የቤት ሥራ፦

−2x⁵ + 300x⁴ + 50x³ − 8

ጫፎቹ ወዴት ይሄዳሉ? ከስንት በኋላስ እርግጠኛ መሆን ይቻላል? ለ2 ማካፈልን እንዳትረሱ። ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ማታ አርማለሁ።